ሚስቴ «ጋዝላይት እያደረግከኝ ነው» አለችኝ፤ አለመስማማትም ጋዝላይቲንግ ሆነ እንዴ?

ብርዱ_ለመደኝ
ሰላም ለዚህ ቤት። ከደብረ ብርሃን ነው የምጽፈው። ነገሩ ትንሽ ነው ግን ቤት ውስጥ ከረመ። ባለቤቴ እናቷን ከደብረ ሲና አምጥተን ዓይናቸውን እናሳክም ብላ ነበር። እኔ የማስታውሰው «ሥራ ካልበዛ ቅዳሜ እሄዳለሁ» ማለቴን ነው። እሷ ደግሞ «ቅዳሜ እሄዳለሁ ብለህ ቃል ገብተሃል፣ ለእማዬም ነግሬያለሁ» አለች። ቅዳሜ ሥራ በዛና ቀረሁ። እንደዚያ አላልኩም ስላት «ይኸው ጋዝላይት እያደረግከኝ ነው» ብላ ቲክቶክ ላይ ያየችውን ቪዲዮ ከፍታ አሳየችኝ። ቪዲዮው ላይ ያለችው ልጅ «እንደዚያ አላልኩም የሚልሽ ሰው ጋዝላይተር ነው፣ ሽሺው» ትላለች። እንግዲህ ያላልኩትን አልኩ ልበል? ውሸት፣ አለመስማማትና ይሄ ነገር በምንድን ነው የሚለያዩት? የሚያውቅ ካለ በደንብ ያስረዳኝ፣ ፎገራ አልፈልግም።

ሲኖትራክ_22
ወንድሜ ምን ክርክር ያስፈልገዋል፣ አማትህን ሂድና አምጣቸው። ከደብረ ሲና ደብረ ብርሃን እኮ ጣርማበርን ከወጣህ በኋላ ሜዳ ነው። ጭጋግ ካለ ብቻ በጠዋት አትነሳ። እኔ በየሳምንቱ ነው የምመላለሰው፣ ከፈለግህ ጭኜልህ እመጣለሁ።

ብርዱ_ለመደኝ
@ሲኖትራክ_22 ሃሃ፣ እናመሰግናለን። እሳቸው እኮ መጥተው ታክመው ሄደዋል። ጥያቄዬ ሌላ ነው።

ማሾ_ከሮቢት
እኔ እንደገባኝ ውሸት ሲደጋገም ጋዝላይቲንግ ይባላል። አንዴ ከሆነ ውሸት፣ ሁልጊዜ ከሆነ ጋዝላይት። ሸዋ ሮቢት ያሉ ደላሎች በሙሉ ጋዝላይተሮች ናቸው በለኝ። በማሾ ወቅት ጠዋት ጠዋት እየደወሉ «ዋጋ ወድቋል፣ አዲስ አበባ ማንም አይገዛም» ይሉሃል። ከሰዓት ራሳቸው በጨመረ ዋጋ ሲገዙ ታያቸዋለህ። አንተ ግን አንዴ ብቻ ነው ያልከው፣ ስለዚህ ነጻ ነህ።

ሲስተር_ጣርማበር
የአእምሮ ሕክምና ነርስ ነኝ። @ማሾ_ከሮቢት ግማሹን አግኝተኸዋል፣ መደጋገሙ አለበት። ግን መደጋገም ብቻውን አያደርገውም። የአንተን ደላላ እንየው። እሱ የሚፈልገው ስለ ማሾ ዋጋ የተሳሳተ ነገር እንድታምን ነው። ያንተን ጭንቅላት አልነካውም። እንዲያውም በደንብ እንድታስብለት ይፈልጋል፣ አስበህ በርካሽ እንድትሸጥ። አዲስ አበባ ለወንድምህ ደውለህ እውነተኛውን ዋጋ ስትነግረው ምን ይላል? ይስቃል፣ ወሬ ይቀይራል፣ ወይ «ለእኔም እንደዚያ ነው የነገሩኝ» ብሎ ይሸሻል። ውሸታም ማስረጃ ሲመጣ ያፈገፍጋል። በየቀኑ ቢዋሽህ እንኳ ልማደኛ ውሸታም ነው እንጂ ሌላ አይደለም።

ጋዝላይት የሚያደርግ ሰው ማስረጃ ሲመጣ አያፈገፍግም፣ ማስረጃውን ባንተ ላይ ያዞረዋል። «ወንድምህ ነው እንዴ የነገረህ? አሁን አሁን የሚነግሩህን እያቀያየርክ ነው የምትሰማው እኮ፣ ያሳስበኛል» ይልሃል። ልዩነቱ እዚህ ጋ ነው። ውሸት ስለ ነገሩ ነው። ይሄ ግን ስለ አንተ ነው፤ ያየኸውን የማየት፣ የሰማኸውን የማስታወስ፣ የመፍረድ አቅምህን ራስህ እንድትጠራጠረው ማድረግ። ያ ከተሳካ ከዚያ በኋላ ብዙ መዋሸት እንኳ አያስፈልገውም። አንተው መጥተህ «ምን ነበር የሆነው?» ብለህ ትጠይቀዋለህ።

ስሙ የመጣው ፓትሪክ ሃሚልተን የሚባል እንግሊዛዊ በ1938 ካቀረበው ቲያትር ነው። ታሪኩ ቢገባችሁ ይጠቅማል ምክንያቱም አሠራሩ በሙሉ አለበት። ባልየው ማታ ማታ ወጣሁ ብሎ በድብቅ ተመልሶ ከላይኛው ፎቅ ላይ ጌጣጌጥ ይፈልጋል። እዚያ የጋዝ መብራት ሲለኩስ የታችኛው ክፍል መብራት ደብዘዝ ይላል፣ መስመሩ አንድ ስለሆነ። ሚስትየው መብራቱ ሲቀንስ ታያለች፣ ኮቴም ትሰማለች። በዚያ ላይ እሱ ዕቃ እየደበቀ «አንቺ ነሽ ያጠፋሽው፣ አታስታውሽም» እያለ ለእብደት አሳልፎ ሊሰጣት ነው። ከዚህ የሚያወጣት ምን መሰላችሁ? አንድ ከውጭ የመጣ የፖሊስ መርማሪ ነው፤ አብሯት ቁጭ ብሎ መብራቱ ሲደበዝዝ እሱም ያያል። በቃ። ሁለተኛ ዓይን።

ቲያትር ብቻ ነው እንዳትሉ፣ በ1969 ባርተንና ኋይትሄድ የተባሉ ሁለት የእንግሊዝ ሐኪሞች ላንሴት የሕክምና መጽሔት ላይ ዘመዶቻቸው አሲረው ወደ አእምሮ ሆስፒታል ሊያስገቧቸው የሞከሩ ሰዎችን ጉዳይ ጽፈዋል፤ የቲያትሩን ስም ወደ ሕክምና ካስገቡት ቀደምት ጽሑፎች አንዱ ይሄ ነው። የበሽታ ስም ግን አይደለም። እኛ የምንጠቀምባቸው የምርመራ መጻሕፍት ላይ እንደ በሽታ አታገኙትም። አንድ ሰው በሌላው ላይ የሚያደርገው ነገር ነው።

ብርዱ_ለመደኝ
ሲስተር እግዜር ይስጥልኝ። ግን የኔ ጥያቄ እዚህ ላይ ነው የባሰው። እኔም እርግጠኛ ነኝ፣ እሷም እርግጠኛ ነች። እሷ ስትምል እኮ ታስፈራለች። ሁለታችንም እውነት ልንሆን አንችልም። ታዲያ አንዳችን ዋሽተናል ማለት ነው?

ሲስተር_ጣርማበር
@ብርዱ_ለመደኝ ማንም ላይዋሽ ይችላል። ሰው የሰማውን ነገር እንዳለ አያስቀምጥም። ባስታወሰ ቁጥር እንደገና ይሠራዋል፣ ሲሠራው የፈለገውንና የፈራውን ይጨምርበታል። በ1986 ቻሌንጀር የተባለችው የአሜሪካ መንኮራኩር ስትፈነዳ ኡልሪክ ናይሰር የሚባል የሥነ ልቦና ተመራማሪ በማግስቱ ተማሪዎችን ወረቀት ላይ አስጻፋቸው፤ ወሬውን የት ሆናችሁ ሰማችሁ፣ ከማን ሰማችሁ እያለ። ሁለት ዓመት ተኩል ቆይቶ 44ቱን እንደገና ጠየቃቸው። ሩቡ ዋና ዋናውን ሁሉ ስተዋል። ሁሉንም በትክክል ያስታወሱት ሦስት ብቻ ነበሩ። ከሁሉ የሚደንቀኝ ግን በራሳቸው እጅ የጻፉትን ወረቀት ሲያሳዩአቸው «ጽሑፉ የኔ ነው፣ ግን እንደዚህ አልነበረም» ያሉ መኖራቸው ነው። እርግጠኝነት የእውነት ማስረጃ አይደለም ለማለት ነው።

አንተ «ካልበዛ» ማለትህን ያዝክ፣ እሷ «እሄዳለሁ» ማለትህን። ይሄ ተራ አለመስማማት ነው። ወደ ሌላ ነገር የሚሄደው ቀጥሎ በምትለው ነው። «እኔ የማስታውሰው እንደዚህ ነው» ካልክ ስለ ራስህ ነው የተናገርከው፣ እሷም የራሷን ትናገራለች። «አንቺ እኮ ሁልጊዜ እንደዚህ ነሽ፣ የሌለ ነገር ትሰሚያለሽ፣ እናትሽም እንደዚሁ ናቸው» ካልክ ግን ስለ ቅዳሜ ማውራት ትተህ ስለ ጭንቅላቷ ማውራት ጀመርክ። አንዴ በንዴት ብትለው ጋዝላይተር አያደርግህም። ክፉ ንግግር ነው፣ በቃ። በየጉዳዩ እሱን የምታመጣ ከሆነ ግን ሌላ ነው።

በነገራችን ላይ ቪዲዮ ላይ ያለችው ልጅ የምትለው ጉዳት አለው። «እንደዚያ አላልኩም» ያለ ሁሉ ጋዝላይተር ከተባለ፣ ቃሉ ራሱ አፍ መዝጊያ ይሆናል። ያልተስማማህን ሰው በአንድ ቃል ትጥለዋለህ፣ ከዚያ በኋላ የሚለው ሁሉ እንደ ማስረጃ ይቆጠርበታል።

የመሐል_ሜዳዋ
ይቅርታ ርዕሱን ላጠፋ አይደለም። ሳነበው ቆይቼ እጄ ተንቀጠቀጠ። የኔን ልንገራችሁና እናንተ ፍረዱ። ሁለት ሙክት አድልበን ለበዓል ሸጥን። ባሌ ነው ገበያ የወሰዳቸው፣ የእህቴ ልጅ አብሮት ሄዶ ነበር። ማታ አብረን ቆጠርነው፣ 24 ሺህ ብር ነው። ሳጥን ውስጥ ከነጠላዬ ሥር አስቀመጥኩት። ከጊዜ በኋላ ስከፍተው 19 ሺህ ሆኖ አገኘሁት። ስጠይቀው ሳቀ። «መጀመሪያም 19 ነበር፣ ራስሽ አይደለሽ የቆጠርሽው» አለኝ። ሳቅኩ እኔም። ቀልድ መስሎኝ።

ከዚያ ክርክር ሆነ። እሱ አይጮህም፣ እኔ ነኝ የምጮኸው። «ከወለድሽ ወዲህ እኮ ልብሽ የለም» ይለኛል በቀስታ። ከዚያ የሳጥኑ ቁልፍ ከቦታው መጥፋት ጀመረ፣ ጓዳ ውስጥ ጨው ዕቃው ሥር ይገኛል። «ማን አስቀመጠው ታዲያ?» ይለኛል። አማቴ ፊት «እሷን አትመኗት፣ የምታደርገውን አታውቅም» አለ። ለእህቴ ስነግራት «እህትሽ ናት የምታሳስትሽ» ብሎ እሷ ጋ መሄድ አስተወኝ። የእህቴ ልጅ ግን 24 ሺህ ተቆጥሮ ሲሰጠው አይቻለሁ አለኝ። ይህን ስነግረው «ለልጅ ደግሞ ምን ብለሽ አስተማርሽው?» አለኝ። አሁን ወጥ ስሠራ ጨው ጨምሬ እንደሆነ እሱን ነው የምጠይቀው። አሁን ደግሞ ከእናቱ ጋር ሆኖ ጸበል እንውሰዳት እያለ ነው። እውነት ልቤ ጠፍቶ ይሆን እንዴ እያልኩ ነው።

ሲስተር_ጣርማበር
@የመሐል_ሜዳዋ እህቴ ርዕሱን አላጠፋሽም፣ ርዕሱ ይሄ ነው። ባልሽን አላየሁትም፣ በአንድ ወገን ወሬ ፍርድ አልሰጥም። ግን የጻፍሽውን መልሰሽ አንብቢው፣ ቅደም ተከተሉን እይ።

መጀመሪያ የጠፋው 5 ሺህ ብር ነው። ነገሩ እዚያ ቢቆም ኖሮ ውሸት ወይ ስርቆት ነበር፣ ስሙም እሱ ነው። ሁለተኛ፣ የብሩ ነገር ወደ አንቺ ልብ ተዛወረ፤ «ከወለድሽ ወዲህ»። ሦስተኛ፣ ብዙ ባልና ሚስት የማይደርሱበት ነገር መጣ፤ ይህን ወሬ አንቺን ለሚያምኑ ሰዎች ቀድሞ ነገራቸው። አሁን አማትሽ ጋ ሄደሽ ብር ጠፋብኝ ብትይ የምትሰማሽ በዚያ ወሬ በኩል ነው። አራተኛ፣ ልታነጻጽሪ የምትችይባትን አንዷን ሰው፣ እህትሽን፣ አራቃት። ልጁ ምስክር ሆኖ ሲመጣ ደግሞ ምስክርነቱ ያንቺ ጥፋት ሆነ። የማሾው ደላላ ይሄን አያደርግም።

ያንቺም አካሄድ ተለውጧል። ሮቢን ስተርን የምትባል አሜሪካዊት የሥነ ልቦና ሐኪም በዚህ ላይ ብዙ ሠርታለች፣ በ2007 መጽሐፍም ጽፋለች። እሷ እንደምትለው ሰውየዋ መጀመሪያ አታምንም፣ ነገሩን ቀልድ ነው ብላ ታልፈዋለች። ቀጥሎ ራሷን ትከላከላለች፣ ትከራከራለች፣ ማስረጃ ትሰበስባለች። በመጨረሻ ትደክምና እሱ ያለውን ይዛ ትኖራለች፣ መንፈሷ ይወድቃል። አንቺ ሳቅሽ፣ ጮኽሽ፣ አሁን የጨውን ነገር እሱን ትጠይቂያለሽ።

ማሾ_ከሮቢት
ሲስተር ልከራከርሽ። ሴት ስትወልድ እኮ እውነትም ትረሳለች። የኔዋ ሁለተኛውን ስትወልድ ስልኳን ምጣድ ቤት ረስታ ቀኑን ሙሉ ፈልገናል፣ እንጀራ ጋግራ እርሾ መተው ረስታ ከጎረቤት ተበድረናል። ባልየው እውነቱን ቢሆንስ?

ሲስተር_ጣርማበር
@ማሾ_ከሮቢት ጥሩ ጥያቄ ነው፣ ከሚመጡልኝ ሁሉ ከባዱም ይሄ ነው። አዎ፣ እንቅልፍ ያጣች እናት ትረሳለች። የደም ማነስ፣ የእንቅርት ዕጢ ችግር፣ ከወሊድ በኋላ የሚመጣ ድብርት፣ ሁሉም ያስረሳሉ። ስለዚህ @የመሐል_ሜዳዋ ጤና ጣቢያ ሄደሽ መታየትሽን አትተዪ፤ ታምመሻል ለማለት ሳይሆን እንዲጣራልሽ ነው። ግን ትረሻለሽ ወይ የሚለው ጥያቄ ጉዳዩን አይፈታውም። መርሳትና ጋዝላይት መደረግ አንድ ሰው ላይ አብረው ሊሆኑ ይችላሉ። እንዲያውም ለዚህ የሚመረጠው አልፎ አልፎ የምትረሳ፣ የደከማት፣ ራሷን ቶሎ የምትወቅስ ሰው ናት።

የምታየው ሌላኛው ሰው በመርሳቷ ምን እንደሚያደርግ ነው። ሚስትህ እርሾ ስትረሳ ምን አደረግክ?

ማሾ_ከሮቢት
ምን አደርጋለሁ፣ ሳቅን። ከዚያ እርሾውን እኔ ማስታወስ ጀመርኩ። ቁልፉንም በር ላይ ሰቀልኩላት።

ሲስተር_ጣርማበር
በቃ። አንተ ረዳሃት። ሚስቱ ትረሳለች ብሎ የሚጨነቅ ሰው ብሩን ጻፊው ይላታል፣ በምስክር ፊት ይቆጥራል፣ እህቷን ጥሪያት ይላል። መርሳቷ የሚጠቅመው ሰው የሚጻፍ ነገር አይወድም።

ዓመት_ሦስት
የሳይኮሎጂ ተማሪ ነኝ። አንድ ነገር ላንሳ። ሲስተር የዘለለችው ነገር አለ፤ ሆን ተብሎ መሆን አለበት። ቲያትሩ ላይ ባልየው ዓላማ አለው፣ ጌጥ ፈላጊ ነው። የላንሴቶቹም ዘመዶች አሲረዋል። ሳያውቀው የሚያደርግ ሰው ጋዝላይተር ከተባለ ግራ የገባው፣ በእልህ ልክ ነኝ የሚል ባል ሁሉ ሊባል ነው።

ሲስተር_ጣርማበር
@ዓመት_ሦስት እዚህ ላይ ሊቃውንቱም አልተስማሙም። ስተርን ራሷ ብዙዎቹ እያወቁ አያደርጉትም ነው የምትለው፤ ትክክል ሆነው መታየት አለባቸው፣ ሌላኛው ደግሞ እንዲወዱት ይፈልጋል፣ በዚያ መሃል ይከሰታል። እኔም የማያቸው አብዛኞቹ ማታ ተቀምጠው ያቀዱ አይመስሉኝም። ልቡን ልታይ አትችልም። እኔ የማየው ሥራውን ነው።

ዓመት_ሦስት
ሥራውን ብቻ ካየሽ እኮ ያው የቲክቶኳ ልጅ መሆንሽ ነው፣ ከይቅርታ ጋር። እኔ አልተስማማሁም። ግን አንድ ልጨምር። ፔጅ ስዊት የምትባል የሶሲዮሎጂ ተመራማሪ በ2019 ያሳተመችው ጽሑፍ አለ፤ ጋዝላይቲንግ የሚሠራው ማኅበረሰቡ አስቀድሞ የሚያምነውን ነገር ሲጠቀም ነው ትላለች፤ ሴት ስሜታዊ ናት፣ ድሃ አያውቅም፣ እንደዚህ ዓይነቱን። የመሐል ሜዳዋ እህታችን ባል «ከወለደች ወዲህ» ሲል ሰፈሩ በሙሉ ጭንቅላቱን የነቀነቀለት ለዚህ ነው። እሷ «ባሌ አብዷል» ብትል ማን ይሰማታል?

ጋሽ_አንኮበር
ልጆቼ፣ እኔ ስሙን ዛሬ ነው የሰማሁት። ሽምግልና ግን ብዙ ዘመን ተቀምጫለሁ። አንድ ነገር ልንገራችሁ፣ እኛ ሽማግሌዎች እዚህ ላይ እንሳሳታለን። ባልና ሚስት ሲመጡ አንዱ ረጋ ብሎ ይናገራል፣ አንዷ እያለቀሰች፣ እየጮኸች፣ ከታሪኩ መሃል ትጀምራለች። እኛ ወደ ረጋው እናደላለን። የረጋ ሰው እውነተኛ ይመስላል። የጮኸችው ለምን እንደምትጮኽ ማንም አይጠይቅም። ስለዚህ እኔ ለየብቻ መስማት ጀምሬያለሁ፣ እሱንም እሷንም። ቀጥሎ ከሁለቱም ዘመድ ያልሆነ፣ ያየ ሰው እጠራለሁ። ያኔ ስንቱ ይገለበጣል መሰላችሁ። እንደ ሲስተር ነገሩ ከገባኝ፣ ያልተስማማ ሰው ምስክር ይጠራ ሲባል «ይጠራ» ይላል። ውሸታም «ምን ያስፈልጋል» ይላል። ሦስተኛው ግን ምስክሩን ቀድሞ ያሳጣዋል፤ «እሱ የሷ ነው፣ እሷም የምትለውን አታውቅም» ይላል። ተሳሳትኩ ሲስተር?

ሲስተር_ጣርማበር
ጋሼ ከኔ በተሻለ ነው ያስቀመጡት።

የመሐል_ሜዳዋ
እግዚአብሔር ይስጣችሁ። አንድ ነገር ልጠይቅ። ልጁ የነገረኝን በስልክ ድምፁን ቀድቼ ለባሌ ባሰማውስ? እሱን ሲሰማ ያምናል ብዬ ነው። ጸበሉስ? እንቢ ካልኩ «ይኸው ያደረባት ነው የከለከላት» ይላሉ። ጸበል መሄድ እኮ አልጠላም፣ ሁልጊዜም እሄዳለሁ።

ሲኖትራክ_22
አሰሚው! በድምፅ ከያዝሽው የት ይገባል?

ሲስተር_ጣርማበር
አታሰሚው። @ሲኖትራክ_22 ማስረጃ የሚሠራው ለማስረጃ በሚገዛ ሰው ላይ ነው። የልጁን ምስክርነት በቃል ነግራው ምን እንዳለ አየህ። ድምፁን ስታሰማው «ደግሞ ትሰልይኛለሽ» ይሆናል፣ ከዚያ ስልኩም ይወሰዳል። አንዳንዱም እጁን ያነሳል።

@የመሐል_ሜዳዋ የምትጽፊው ለእሱ ሳይሆን ለራስሽ ነው። ነገሩ በሆነበት ቀን፣ አጭር አድርገሽ፤ ቀኑን፣ ስንት ብር እንደነበረ፣ ማን እንደነበረ፣ እሱ ምን እንዳለ በቃሉ። አስተያየት አትጨምሪበት። ወረቀቱ ቤት አይቀመጥ፣ እህትሽ ጋ ይሁን። ሳምንት ቆይተሽ ስታነቢው ልብሽ ልክ ከሆነ ልክነቱን ታያለሽ። በእርግጥ እየረሳሽ ከሆነም እሱን ታያለሽ፣ ያኔ ሕክምናው ሌላ ነው። እህትሽ ጋ መሄድ ጀምሪ፣ ስለ ብሩ ለመክሰስ አይደለም፣ ቡና ለመጠጣት።

ጸበሉን እንቢ አትበይ። ከእህትሽ ጋር ሂጂ። ባልሽና አማትሽ ይዘውሽ ከሄዱ «አታውቅም» የሚለው ወሬ ቀድሞሽ ይደርሳል፣ አባም የሚሰሙሽ በዚያ ነው። ሄደሽ ደግሞ አባን ለብቻሽ አናግሪያቸው። ጤና ጣቢያ ስትሄጂም ያው ነው፣ የምትመረመሪበት ክፍል ውስጥ ብቻሽን ግቢ። ባል አብሮ ገብቶ ስለ ሚስቱ ሲያወራ እኛም ባለሙያዎቹ ስንት ጊዜ እሱን ሰምተን እንጽፋለን።

ዓመት_ሦስት
ሆን ብሎ ካላደረገው ግን ባልየው ራሱ መታከም አለበት ማለት አይደል? እሱን ማንም አላነሳም።

ጋሽ_አንኮበር
መጀመሪያ 5 ሺህ ብሩ የት እንደሄደ ይናገር። @የመሐል_ሜዳዋ ልጄ፣ መሐል ሜዳ የማውቃቸው ሁለት የሚታመኑ ሽማግሌዎች አሉ። ከፈለግሽ በውስጥ መስመር ጻፊልኝ፣ አንቺን ለብቻ እንዲሰሙሽ እነግራቸዋለሁ።